ፓስፖርታችሁን የሚወስደው ሰው በሰርቨሩ በኩል አይመጣም

ወደ ጉዳዩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። ስልካችሁ ላይ ጉግል ፎቶስን ክፈቱና መፈለጊያው ላይ passport ብላችሁ ጻፉ። ቀጥሎ ጂሜይል ላይ፣ ከዚያ ድራይቭ ላይ፣ በመጨረሻ ቴሌግራም ላይ ይህንኑ ቃል ፈልጉ።

ባለፈው ሳምንት እኔም ሞከርኩት። የፓስፖርቴ ቅጂ አምስት ቦታ ተገኘ። ሦስቱን መቼ እንዳስቀመጥኳቸው እንኳን አላስታውስም። ጉግል ፎቶስ ምስል ላይ ያለን ጽሑፍ ያነባል። ስለዚህ ፎቶው ምንም ስም ባይኖረውም ያገኘዋል። አካውንቴ ውስጥ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ፍለጋ ነው። ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅበትም።

"ፓስፖርቴንና ዲግሪዬን ስካን አድርጌ ድራይቭ ላይ ባስቀምጥ ችግር አለው?" የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይቀርብልኛል። ጠያቂው በልቡ የሚያስበው አንድ ኮምፒውተር አዋቂ የጉግልን ሰርቨር ሰብሮ ሲገባ ነው። እኔ ግን ስለ ሰርቨሩ ብዙም አልጨነቅም። የሚያስጨንቀኝ የእናንተ አካውንት መግቢያና ወረቀቱ ድራይቭ ላይ እስኪደርስ ያለፈባቸው ቦታዎች ናቸው።

ኩባንያው የሚጠብቀውና የማይጠብቀው

ጉግል ድራይቭ፣ ድሮፕቦክስና ዋንድራይቭ የምትጭኑትን ፋይል በመንገድም ሆነ ሰርቨራቸው ላይ መስጥረው ነው የሚያስቀምጡት። አንድ ሰው የዳታ ማዕከሉን ዲስክ ነቅሎ ቢሄድ የሚያነበው ነገር አያገኝም። ይህ እውነተኛ ጥበቃ ነው።

ነገር ግን የምስጠራው ቁልፍ ያለው በኩባንያው እጅ ነው። በእናንተ ኢሜይልና የይለፍ ቃል ለገባ ሰው ሁሉ ሰርቨሩ ፋይሉን ፈትቶ ያቀርብለታል። አንዴ ከገባ በኋላ ባለቤቱንና ሌባውን አይለይም። ስለዚህ "ፋይሎቹ የተመሰጠሩ ናቸው" የሚለው የኩባንያዎቹ ቃል እውነት ቢሆንም፣ የይለፍ ቃሉ ከተሰረቀ በኋላ ምንም አይፈይድም።

እስካሁን የታዩት ትልልቅ አደጋዎችም ይህንኑ ያሳያሉ። በ2012 ከድሮፕቦክስ ከ68 ሚሊዮን በላይ የአካውንት ኢሜይሎችና የተመሰጠሩ የይለፍ ቃሎች ተሰረቁ። ስፋቱ የታወቀው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። መነሻው አንድ የኩባንያው ሠራተኛ ሌላ ድረ ገጽ ላይ ይጠቀምበት የነበረውን የይለፍ ቃል ሥራውም ላይ መጠቀሙ ነበር። በ2014 የታዋቂ ሰዎች የግል ፎቶዎች ከአይክላውድ ወጡ ተብሎ ዓለም ተንጫጫ። በኋላ ፍርድ ቤት የቀረቡት ሰዎች ያመኑት ግን ከኩባንያው የመጣ የሚመስል ኢሜይል እየላኩ ባለቤቶቹን የይለፍ ቃላቸውን እንዳስጻፏቸው ነው። ሰርቨሩን መስበር አላስፈለጋቸውም።

የአይፎን ተጠቃሚ ከሆናችሁ አንድ የተሻለ አማራጭ አላችሁ። አፕል ከታኅሣሥ 2022 ጀምሮ Advanced Data Protection የሚባል ምርጫ አምጥቷል። ይህን ካበራችሁት የአይክላውድ ድራይቭና የፎቶዎቻችሁ ቁልፍ በራሳችሁ መሣሪያዎች ላይ ብቻ ይቀመጣል። ራሱ አይበራም፤ ሴቲንግ ገብታችሁ ማብራት አለባችሁ። እንግሊዝ ያላችሁ ግን አታገኙትም። የአገሪቱ መንግሥት የመረጃ መግቢያ ከጠየቀ በኋላ አፕል በየካቲት 2025 አገልግሎቱን እዚያ ማቅረብ አቁሟል።

ስምንት ቅጂ

እስቲ ለባሕረ ሰላጤ አገር ሥራ የምትዘጋጅ አንዲት የአዲስ አበባ ነርስ እናስብ። ፓስፖርት፣ ዲግሪ፣ የውጤት ማስረጃ፣ የሙያ ፈቃድ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከወንጀል ነጻ መሆኗን የሚያሳይ ማስረጃ ይዛ ሰፈሯ ወዳለው ፎቶ ኮፒ ቤት ትሄዳለች።

ልጁ ስካን ያደርግላታል። ፋይሎቹ የሱቁ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣሉ፤ ይህ አንድ ቅጂ ነው። "ቴሌግራም ስጪኝ፣ ልላክልሽ" ይላታል። ሲልከው የሱቁ ቴሌግራም ላይ ሁለተኛ ቅጂ፣ የእሷ ቴሌግራም ላይ ሦስተኛ ቅጂ ተቀመጠ። ስልኳ ላይ ስታወርደው አራተኛ ሆነ። ጉግል ፎቶስ የቴሌግራምን ፎልደር ባክአፕ እንዲያደርግ ተፈቅዶለት ከሆነ አምስተኛ። ለኤጀንሲው በኢሜይል ስትልክ የራሷ `Sent` ውስጥ ስድስተኛ፣ የኤጀንሲው ኢሜይል ውስጥ ሰባተኛ ቅጂ ቀረ። በመጨረሻ "እንዳይጠፋብኝ" ብላ ድራይቭ ላይ ጫነችው። ስምንተኛው።

ያሳሰባት ይህ ስምንተኛው ብቻ ነው። ከስምንቱ በአንጻሩ የተጠበቀው ግን እሱ ነው።

ሱቁን እንየው። ብዙ ፎቶ ኮፒ ቤቶች የሚሠሩት ክራክ በተደረገ ሶፍትዌር ነው። እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ብዙ ጊዜ መረጃ የሚሰርቅ ቫይረስ አብሮት ይመጣል። ቫይረሱ የይለፍ ቃል ከመስረቅ አልፎ ብራውዘሩ "ይህ ሰው አስቀድሞ ገብቷል" ብሎ የያዘውን ምልክት ማለትም ኩኪውን ገልብጦ ይወስዳል። ነርሷ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ጂሜይሏን ከፍታ ከሆነ፣ ሌባው ኩኪውን ይዞ የይለፍ ቃልም ሆነ በስልክ የሚመጣ ኮድ ሳይጠየቅ ይገባል። ሁለተኛ ማረጋገጫ ማብራቷ እዚህ ላይ አያድናትም። ስለዚህ በሰው ኮምፒውተር ላይ አካውንት መክፈት ጨርሶ ባይሆን ይሻላል።

የሚገርመው ሱቁ ጨርሶ አያስፈልጋትም ነበር። የጉግል ድራይቭ አፕ የራሱ ስካነር አለው። የካሜራ ምልክቷን ስትነኩ ወረቀቱን ያነሳል፣ ጠርዙን ይቆርጣል፣ በፒዲኤፍ ያስቀምጣል። አይፎን ላይ ደግሞ `Notes` ውስጥ ተመሳሳይ ነገር አለ። በዚህ አንድ እርምጃ ከስምንቱ ቢያንስ አራቱ ጨርሶ አይፈጠሩም።

ቴሌግራም ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለብዙዎቻችን ትክክለኛው የሰነድ መዝገብ እሱ ነውና። `Saved Messages` የግል ማስታወሻ ይመስላል። ነገር ግን የቴሌግራም ተራ ቻት ሁሉ፣ `Saved Messages` ጭምር፣ ከላኪ እስከ ተቀባይ የተመሰጠረ አይደለም። እንደዚያ የሚመሰጠረው `Secret Chat` ብቻ ነው። አካውንታችሁ የገባ ሰው ከዓመታት በፊት የላካችሁትን ሁሉ ያያል።

አካውንቱ የሚከፈተው ደግሞ በስልክ ቁጥር ነው። ነርሷ ሪያድ ወይም ዱባይ ስትሄድ የኢትዮጵያ ሲም ካርዷ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ለረጅም ጊዜ ያልተጠቀሙበት ቁጥር ተዘግቶ ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ ይችላል። አዲሱ ባለቤት ቴሌግራም ሲያወርድ መግቢያ ኮዱን በኤስኤምኤስ የማግኘት ዕድል አለው። ወይም ደግሞ ይህን ሁሉ መጠበቅ ሳያስፈልግ ከጓደኛዋ አካውንት "የእህቴ ልጅ ውድድር ላይ ናት፣ ድምፅ ስጪልኝ" የሚል ሊንክ ይመጣል። ሊንኩ ቁጥሯንና የመጣላትን ኮድ ያስጻፋታል። ጓደኛዋም ቀድማ በዚሁ መንገድ ተሰርቃለች።

ሁለቱንም የሚዘጋው `Settings`፣ ከዚያ `Privacy and Security`፣ ከዚያ `Two-Step Verification` ላይ የምታስቀምጡት የይለፍ ቃል ነው። ኮዱን ያገኘ ሰው ይህንን ካላወቀ ቻታችሁን አያይም። ድምፅ የሚያሰጠው ሊንክ ግን ይህንንም የይለፍ ቃል ሊጠይቃችሁ ይችላል። ቴሌግራም ራሱ ካልሆነ በስተቀር ለማንም እንዳትጽፉት። አገር የምትቀይሩ ከሆነ ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት ወይም እንደደረሳችሁ የቴሌግራም ቁጥራችሁን ወደ አዲሱ ቀይሩ።

የተላከለት ሰውስ?

ሰባተኛው ቅጂ፣ ኤጀንሲው ጋር ያለው፣ ከእናንተ ቁጥጥር ውጪ ነው። በሐምሌ 2025 ቲ የሚባል የአሜሪካ አፕ ላይ የደረሰው ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። አፑ ተመዝጋቢዎች ሴት መሆናቸውን እንዲያረጋግጡ የራሳቸውንና የመታወቂያቸውን ፎቶ ይቀበል ነበር። ፎቶዎቹ ያለ በቂ መዝጊያ በተቀመጡበት ቦታ ተገኝተው 72,000 ገደማ ምስሎች ወጡ። ከእነዚህ 13,000 ያህሉ ለማረጋገጫ የተላኩ ፎቶዎችና መታወቂያዎች ነበሩ። ባለቤቶቹ የገዛ ድራይቫቸውን በሰባት ቁልፍ ቢቆልፉም አይጠቅማቸውም ነበር።

ስለዚህ የሚላከው ቅጂና የሚቀመጠው ቅጂ አንድ መሆን የለባቸውም። ለራሳችሁ የምታስቀምጡት በ300 ዲፒአይ ንጹሕ ስካን ይሁን። የምትልኩት ግን ምስሉን አሳንሳችሁ በላዩ ላይ የጻፋችሁበት ይሁን። ለምሳሌ "ለእገሌ ኤጀንሲ የሥራ ማመልከቻ ብቻ" ብላችሁ ቀኑን ጨምሩ። ጽሑፉ ጥግ ላይ ከሆነ ተቆርጦ ይጣላል። ፎቶውንና ስሙን አቋርጦ፣ ግን ማንበብ ሳይከለክል፣ በሰያፍ ይለፍ። የኔዘርላንድስ መንግሥት ለዜጎቹ ይህንኑ የሚሠራ KopieID የሚባል ነጻ አፕ አዘጋጅቷል። የማያስፈልገውን ቁጥር ያጠቁራል፣ ለማንና ለምን እንደተሰጠ ይጽፍበታል። አፑ ባይኖራችሁም የስልካችሁ የፎቶ ማስተካከያ ይበቃል። ብቻ ቁጥር ስታጠቁሩ ድፍን ጥቁር ተጠቀሙ። በስሱ ብሩሽ የተቀባ ነገር ብርሃኑ ሲጨመር ተመልሶ ይነበባል። ኤምባሲና አንዳንድ መሥሪያ ቤት የተጻፈበትን ቅጂ አይቀበልም፤ እዚያ ንጹሑን ከመስጠት ሌላ ምርጫ የለም።

ዲግሪ ላይ ሰው ቸልተኛ ነው። "ዲግሪዬን ማን ምን ያደርገዋል?" ይባላል። ሐሰተኛ ዲግሪ የሚሠራ ሰው የሚፈልገው ግን የእናንተን ስም አይደለም። ጥርት ያለ ማኅተም፣ የሬጅስትራሩን ፊርማና የወረቀቱን አቀማመጥ ነው። ፌስቡክ ላይ በምርቃት ቀን የሚለጠፈው ባለከፍተኛ ጥራት ፎቶ ይህንን ሁሉ በነጻ ይሰጠዋል።

ፓስፖርትና ፋይዳ ደግሞ ሌላ ችግር አላቸው። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል። የልደት ቀን አይቀየርም። ፓስፖርት ሲታደስ ቁጥሩ ይለወጣል፤ 12 አኃዝ ያለው የፋይዳ ልዩ ቁጥር ግን አብሯችሁ የሚኖር ነው። ዛሬ የወጣ ቅጂ ከአምስት ዓመት በኋላም ይሠራል። በተለይ መታወቂያችሁን ከፊታችሁ አጠገብ ይዛችሁ የተነሳችሁት ሰልፊ በርቀት አካውንት ለመክፈት የሚያገለግል ስለሆነ፣ ላስፈለገበት ሥራ ከተላከ በኋላ በየትኛውም ቦታ መቀመጥ የለበትም። አጥፉት።

ድራይቭ ላይ እንዴት ይቀመጥ?

ዘዴው ቀላል ነው። ፋይሉን ከመጫናችሁ በፊት ራሳችሁ ትመሰጥሩታላችሁ። ያን ጊዜ ቁልፉ ጉግል ጋር አይኖርም። አካውንታችሁ የገባ ሰውም የሚያገኘው የተቆለፈ ሳጥን ብቻ ነው። ሁሉንም ወረቀት እንዲህ ማድረግ አያስፈልግም። ሲቪና የአጭር ሥልጠና ሰርተፊኬት እንዲሁ ይቀመጥ። ፓስፖርት፣ ፋይዳ፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የዲግሪው ንጹሕ ስካን ግን ይቆለፍ።

ኮምፒውተር ላይ 7-Zip የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይበቃል። ወረቀቶቹን አንድ ፎልደር ውስጥ አድርጉ። በቀኝ ማውስ ተጭናችሁ ወደ መጠቅለያው ግቡ፤ ዓይነቱን `7z` አድርጉ፤ የይለፍ ቃል አስገቡ፤ `Encrypt file names` የምትለዋን ምረጡ። በትእዛዝ መስመር መሥራት ለሚመርጡ ደግሞ ይኸው፦

```
7z a -t7z -mhe=on -p dosie.7z Wereket/
```

የይለፍ ቃሉን ራሱ ይጠይቃችኋል። `-mhe=on` የምትለዋ የፋይሎቹን ስም ጭምር ትደብቃለች። ተራ `zip` ይህን አያደርግም። ይዘቱ ቢቆለፍም ውስጡ `passport.pdf` እንዳለ ለማንም ያሳያል። የጥቅሉንም ስም "ፓስፖርት" አትበሉት። አንድሮይድ ስልክ ላይ ZArchiver ይህንኑ ጥቅል ይሠራል፣ ይከፍታልም። ብዙ ጊዜ የምትከፍቱት ከሆነ Cryptomator ይመቻል። ድራይቭ ውስጥ የተቆለፈ ፎልደር ይፈጥርላችኋል። ኮምፒውተር ላይ ነጻ ነው፤ ስልክ ላይ ሙሉ አገልግሎቱ ክፍያ አለው።

አሁን የይለፍ ቃሉ። የተቆለፈውን ፋይል የወሰደ ሌባ ጊዜ አለው። ማንም ሳያስቆመው ቀን ከሌት በኮምፒውተር እየገመተ ይሞክራል። የልጅ ስምና የትውልድ ዓመት በአጭር ጊዜ ይወድቃል። እርስ በርሳቸው የማይገናኙ አምስት ወይም ስድስት ቃላት ምረጡ። የአማርኛ ቃላት በላቲን ፊደል ሲጻፉ ጥሩ ናቸው፤ ግን እዚህ ላይ የእኛ የራሳችን ወጥመድ አለ። "ቀጭኔ" ስትሉ ዛሬ `qechine` ነገ `kechinie` ትጽፋላችሁ። በግዕዝ ፊደል ብታደርጉትም ሀ፣ ሐ፣ ኀ እና ሰ፣ ሠ አሉ፤ ሌላ አገር ባገኛችሁት ኮምፒውተር ላይ ደግሞ የአማርኛ ኪቦርዱ ላይኖር ይችላል። ቃላቱን ብቻ በቃል መያዝ አይበቃም ማለት ነው። ፊደል በፊደል ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከዋናዎቹ ሰነዶች ጋር አስቀምጡ። ከጠፋባችሁ የሚመልስላችሁ ማንም የለም። "የይለፍ ቃል ረሳሁ" የሚል ቁልፍ የለውም።

ጥቅሉን ከጫናችሁ በኋላ የቀድሞዎቹን ቅጂዎች ለመሰረዝ አትቸኩሉ። ሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ አውርዳችሁ ክፈቱት። እያንዳንዱን ገጽ እዩ። ከተከፈተ በኋላ መጀመሪያ ያገኛችኋቸውን ቅጂዎች አንድ በአንድ አጥፉ። ቆሻሻ ማጠራቀሚያውም አለ። ድራይቭ የተሰረዘን ፋይል 30 ቀን፣ ጉግል ፎቶስ ደግሞ ባክአፕ የተደረገን ፎቶ 60 ቀን ያቆያል። ቴሌግራም ላይ ስትሰርዙ ለሌላውም ሰው ጭምር እንዲጠፋ የምትጠይቀዋን ሳጥን ምረጡ። ከዚህ በፊት በድራይቭ ሊንክ የላካችሁት ካለ ፋይሉን ከፍታችሁ `Share` ላይ ተመልከቱ። `Anyone with the link` የሚል ካለ ሊንኩ የደረሰው ሁሉ እስከ ዛሬ መክፈት ይችላል። `Restricted` አድርጉት።

ፓስፖርቱም ስልኩም አንድ ላይ ሲጠፋ

ቅጂ የምናስቀምጠው ለክፉ ቀን ነው። ክፉው ቀን ደግሞ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፦ ጅዳ ወይም ፍራንክፈርት ላይ ቦርሳችሁ ተሰረቀ። ፓስፖርቱም ስልኩም ውስጡ ነበሩ። ኤምባሲ ስትሄዱ የድሮውን ቅጂ ይጠይቋችኋል። ጂሜይላችሁን በሰው ኮምፒውተር ላይ ስትሞክሩ ኮዱን ወደ ጠፋው ስልክ ይልካል። ያሰራችሁት ቁልፍ እናንተኑ ከበር ያስቀራችኋል።

በዚህ ፍርሃት ሁለተኛውን ማረጋገጫ የሚያጠፉ ሰዎች አውቃለሁ። እባካችሁ እንደዚያ አታድርጉ። ጉግል የሁለተኛ ማረጋገጫውን ስታበሩ 10 የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣል። እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል። ሁለቱን በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ከቦርሳችሁ ውጪ፣ ሻንጣ ወይም ልብስ ውስጥ ያዙ። የይለፍ ቃሉን አብራችሁ አትጻፉ፤ ኮዱ ብቻውን ላገኘው ሰው ምንም አያደርግለትም። የቀሩትን ቤት አስቀምጡ። የማትከፍቱት መጠባበቂያ አካውንት ካላችሁም አልፎ አልፎ ግቡበት። ጉግል ለሁለት ዓመት ያልተከፈተን የግል አካውንት ከነፋይሉ ሊሰርዝ ይችላል።

ሌላው መንገድ ሰው ነው። የተቆለፈውን ጥቅል ለእህታችሁ ወይም ለምታምኑት ወዳጅ ላኩ። የይለፍ ቃሉን አትንገሩ። ጥቅሉ እሷ ስልክ ላይ ለዓመታት ቢቀመጥ፣ ስልኳ ቢሰረቅ እንኳን፣ ቃላቱን ካላወቀ ማንም አይከፍተውም። ክፉው ቀን ሲመጣ ከኤምባሲው በር ላይ ስልክ ተውሳችሁ ደውሉላት፣ ድምፃችሁን ስትለይ ስድስቱን ቃላት ፊደል በፊደል ንገሯት። ከፍታ የፓስፖርቱን ገጽ ለቆንስላው ሠራተኛ ትልከዋለች። ከዚያ በኋላ ጥቅሉን በአዲስ የይለፍ ቃል እንደገና ሥሩት፤ አዲሱን ላኩላትና የድሮውን እንድታጠፋው ንገሯት። ለዚህ ሁሉ በቃላችሁ መያዝ ያለባችሁ ከስድስቱ ቃላት ሌላ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእሷ ስልክ ቁጥር።